የጠማማ ማሳ ስፋት ከማዕዘኖቹ ቁጥር ሲሰላ

በጎጃምም ሆነ በወሎ ደጋ አራቱም ጎኑ የተስተካከለ ማሳ ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ወሰን ወንዙን ተከትሎ ይጣመማል፤ ሌላው የጎረቤትን እርከን ይዞ ይሄዳል፤ ሦስተኛው መንገድ ሲገጥመው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ርዝመትን በወርድ ማባዛት እንዲህ ላለ መሬት አይሠራም። ሆኖም በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ላይ የማሳው ስፋት ቁርጥ ብሎ ተጽፎ ይገኛል። ቀያሹ መሬቱን በገመድ አልሸነሸነውም፤ የያዘው የማዕዘኖቹን ቁጥር ብቻ ነው። ከእነዚያ ቁጥሮች ስፋት የሚወጣበትን መንገድ መደመር፣ መቀነስና ማባዛት የሚችል ሰው ሁሉ ሊደግመው ይችላል። ለዚህም ነው ባለይዞታው ራሱ፣ ካልሆነም የተማረ ልጁ፣ ሊፈትሸው ይገባል የምለው።

ጂፒኤሱ ወይም የአየር ፎቶው ለእያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት ቁጥር ይሰጣል። ዩቲኤም በሚባለው አሠራር አንደኛው (X) ነጥቡ ወደ ምሥራቅ፣ ሁለተኛው (Y) ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር ይናገራል። ባሕር ዳር አካባቢ ያለ አንድ ማዕዘን ለምሳሌ X 330,410 እና Y 1,281,920 ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ረጃጅም ቁጥሮችን ማባዛት አድካሚ ስለሆነ ከሁሉም X ላይ 330,400፣ ከሁሉም Y ላይ ደግሞ 1,281,900 እንቀንስ። ማሳው ባለበት ይቆያል፤ የተዛወረው መለካት የምንጀምርበት መነሻ ነጥብ ብቻ ነው። አምስት ማዕዘን ያለው፣ አንዱ ማዕዘኑ ወደ ውስጥ የገባ የምሳሌ ማሳችን እነሆ፦

```
      X     Y
ሀ    10    20
ለ    90    10
ሐ   120    70
መ    70    60
ሠ    30   100
ሀ    10    20
```

«ሀ» መጨረሻ ላይ የተደገመው ዙሪያውን ለመዝጋት ነው። ማዕዘኖቹ የተዘረዘሩት አንድ ሰው በወሰኑ ላይ ሲራመድ በሚያገኛቸው ቅደም ተከተል ሲሆን፣ ሰውየው ሲዞር ማሳው ሁልጊዜ በግራ እጁ በኩል ነው። አሁን የእያንዳንዱን ማዕዘን X በቀጣዩ ማዕዘን Y እናባዛለን፤ ከዚያም ላይ የቀጣዩን X በዚህኛው Y አባዝተን እንቀንሳለን። የሚባዙትን ቁጥሮች በመስመር ብናገናኛቸው መስመሮቹ እንደ ጫማ ማሰሪያ እየተጠላለፉ ይወርዳሉ፤ ቀመሩም የጫማ ማሰሪያ ቀመር የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው።

```
ሀ–ለ    10×10  −  90×20  =  −1700
ለ–ሐ    90×70  − 120×10  =   5100
ሐ–መ   120×60  −  70×70  =   2300
መ–ሠ    70×100 −  30×60  =   5200
ሠ–ሀ    30×20  −  10×100 =   −400
ድምር                        10500
```

ድምሩን ለሁለት ስናካፍል 5,250 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ከግማሽ ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ እናገኛለን። ጥማድ የሩብ ሄክታር ያህል በሚቆጠርበት አካባቢ ይህ ሁለት ጥማድ ከትንሽ ነው።

ይህ ለምን ይሠራል? እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ጎነ ሦስት ነው። ከመነሻው ነጥብ፣ ማለትም ሁለቱም ቁጥሮች ዜሮ ከሆኑበት ቦታ፣ ወደ ማሳው ሁለት ጎረቤታም ማዕዘኖች መስመር ብንዘረጋ አንድ ጎነ ሦስት ይፈጠራል፤ በረድፉ ላይ የወጣው ቁጥር የዚያ ጎነ ሦስት ስፋት እጥፍ ነው። መጨረሻ ላይ ለሁለት የምናካፍለውም ስለዚህ ነው። ከ«ለ» እስከ «ሠ» ያሉት ሦስት ወሰኖች ከመነሻው ነጥብ አንጻር በማሳው ማዶ ያሉ ናቸው። ጎነ ሦስቶቻቸው ማሳውንም፣ በማሳውና በመነሻው ነጥብ መካከል ያለውን የሌላ ሰው መሬትም አብረው ይሸፍናሉ፤ ስፋታቸው ሲደመር 6,300 ካሬ ሜትር ነው። «ሀ–ለ» እና «ሠ–ሀ» ግን በወዲህኛው ጎን ያሉ ወሰኖች ናቸው። የእነርሱ ጎነ ሦስቶች የሚሸፍኑት ያንኑ ትርፍ መሬት ብቻ ነው፤ 850 እና 200፣ በጠቅላላው 1,050 ካሬ ሜትር። ከ6,300 ላይ 1,050 ሲነሳ 5,250 ይቀራል። ትርፉን የቀነሰልን የነጋቲቭ ምልክቱ ነው፤ ሰውየው በእነዚያ ሁለት ወሰኖች ላይ ሲራመድ መነሻው ነጥብ በቀኝ እጁ በኩል ስለሚውል ቁጥሩ ነጋቲቭ ሆኖ ይወጣል። «መ» ወደ ውስጥ መግባቱ ምንም ተጨማሪ ሥራ ያልጠየቀንም በዚሁ ምልክት ምክንያት ነው። ስፋት ምልክት ሊኖረው ይችላል የሚለውን ሐሳብ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ አልብሬክት ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1769 ጽፎበታል፤ ቀመሩ ግን ዛሬ በብዛት የሚጠራው በጋውስ ስም ነው።

የመጨረሻው ድምር ምልክትም የራሱ ትርጉም አለው። ያንኑ ማሳ በተቃራኒው ብንዞረው፣ ማለትም ሀ፣ ሠ፣ መ፣ ሐ፣ ለ ብለን ብንዘረዝረው፣ ድምሩ −10500 ይሆናል። የመሬቱ ስፋት ያው ነው፤ ምልክቱ የነገረን በሰዓት አቅጣጫ መዞራችንን ነው። X እና Y ቦታ ተቀያይረው ቢጻፉም ምልክቱ ይገለበጣል፤ ሰሜናዊውን ቁጥር አስቀድሞ በሚጽፍ ቅጽ የሚሠራ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ስፋቱን ብቻ የሚፈልግ ሰው ምልክቱን ሊጥለው ይችላል። በማሳው መሐል ከይዞታው የማይቆጠር ቦታ፣ ለምሳሌ የወል ምንጭ፣ ካለ ግን ምልክቱ ጥቅም አለው፤ የውጪውን ወሰን ወደ ግራ፣ የምንጩን ዙሪያ ወደ ቀኝ ዞረን ሁለቱን ድምሮች ስንደምር የምንጩ ስፋት በራሱ ይቀነሳል።

ስህተት በብዛት የሚገባው በማዕዘኖቹ ቅደም ተከተል ነው። «ለ» እና «ሐ» ቦታ ተቀያይረው ተመዘገቡ እንበል። ዙሪያው ራሱን ያቋርጥና ሁለት ቀለበት ይሆናል፤ አንደኛው ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ የሚዞር። ቀመሩ ትንሹን ከትልቁ ላይ ቀንሶ 1,350 ካሬ ሜትር ይላል። ግማሽ ሄክታር ያረሰ ገበሬ ይህን ቁጥር ሲያይ ዝም አይልም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ የ«ሐ» እና የ«መ» መቀያየር ነው። ያኔ ወሰኖቹ አይቋረጡም፤ ውጤቱም 5,100 ነው። ከእውነተኛው የሚያንሰው በ150 ካሬ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቁጥሩን አይቶ ስህተቱን መጠርጠር አይቻልም። የሚያሳየው ንድፉ ነው፤ ነጥቦቹን በካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጦ በቅደም ተከተላቸው ማገናኘትና የተሳለውን ቅርጽ ከመሬቱ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል።

ሌላው ስህተት ዙሪያውን ሳይዘጉ መተው ነው። የመጨረሻውን ረድፍ «ሠ–ሀ»ን ብንረሳ 5,450 ካሬ ሜትር እናገኝ ነበር፤ 200 ካሬ ሜትር ትርፍ። ይህን የሚያጋልጥ ቀላል መፈተኛ አለ። ከሁሉም X ላይ ሌላ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ለምሳሌ 10፣ ቀንሰው ስሌቱን ይድገሙት። ዙሪያው ከተዘጋ ስፋቱ አይለወጥም፤ ከተለወጠ የተዘለለ ረድፍ አለ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብዜቱ ተሳስቷል።

በኤክሴል ለሚሠራ ሰው ጉዳዩ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። X በ`B`፣ Y በ`C` አምድ ከረድፍ 2 እስከ 6 ይጻፉ፤ ረድፍ 7 ላይ የመጀመሪያው ማዕዘን ይደገም። `D2` ላይ የመጀመሪያውን መስመር ጽፈው እስከ `D6` ይቅዱት፤ ሁለተኛውን ባዶ ቦታ ላይ ያስገቡ።

```
=B2*C3-B3*C2
=SUM(D2:D6)/2
```

ኤክሴል ቁጥሮችን እስከ 15 አሃዝ ስለሚይዝ የዩቲኤሙን ቁጥር ሳይቀንሱ ቢያስገቡትም ውጤቱ አይበላሽም። በተራ ካልኩሌተር ወይም ሰባት አሃዝ ያህል ብቻ በሚይዝ ፕሮግራም ግን ቀድሞ መቀነሱ ግዴታ ነው። 330,410 በ1,281,920 ሲባዛ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይወጣል። ባለ 32 ቢት የአስርዮሽ ቁጥር በዚያ መጠን ላይ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሚቀጥለው የሚዘለው በ32,768 ነው፤ 5,250 ካሬ ሜትር ያለው ማሳችን በዚያ ዝላይ ውስጥ ይጠፋል። ውጤቱ ዜሮ ወይም ከማሳው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ጂፒኤሱ ቁጥሩን በዲግሪ ከሰጠ ደግሞ ቀመሩ በቀጥታ አይሠራም። ውጤቱ ከዜሮ ነጥብ በኋላ ብዙ ዜሮዎች ያሉት ኢምንት ቁጥር ከሆነ ነጥቦቹ በዲግሪ ናቸው ማለት ነው፤ መሣሪያውን ወደ ዩቲኤም ቀይሮ እንደገና ማንበብ ያስፈልጋል።

ቀመሩ ራሱ ፍጹም ነው፤ የሚያመጣው ስፋት ግን ከተሰጡት ነጥቦች የበለጠ ትክክል ሊሆን አይችልም። በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ጥቂት ሜትር ይስታል። «ሐ» ሦስት ሜትር ወደ ውጭ ቢሳት ስፋቱ እስከ 81 ካሬ ሜትር ይጨምራል። ይህ የሦስት ሜትሩ እና ከ«ለ» እስከ «መ» ያለው የ54 ሜትር ያህል ርቀት ብዜት ግማሽ ነው። ስለዚህ በጂፒኤስ የተለካ ማሳ «5,250.37 ካሬ ሜትር» ተብሎ ሲጻፍ የመጨረሻዎቹን አሃዞች አልቀበላቸውም። ሁለት ጎረቤታሞች በ50 ካሬ ሜትር ልዩነት ከመካሰሳቸው በፊት ማዕዘኖቹ በምን መሣሪያ እንደተለኩ ይጠይቁ።

የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት የተዘረዘረበት ሳይት ፕላን ወይም የይዞታ ካርታ ካለዎት ዛሬውኑ አውጥተው ያስሉት። ዝርዝሩ ከሌለዎት ወደ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ሲሄዱ ከስፋቱ ጋር የማዕዘኖቹን ቁጥር በቅደም ተከተል፣ ንድፉንም ጨምሮ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ።