ከምሶሶው የራቀ ጭነት

አንድ የብረት ብራኬት ከምሶሶ ጋር በግራና በቀኝ፣ እያንዳንዳቸው 200 ሚሊሜትር በሆኑ ሁለት ቁም የማዕዘን ብየዳዎች ተያይዟል እንበል። 80 ኪሎኒውተን የዲዛይን ጭነት ከምሶሶው 150 ሚሊሜትር ርቆ ያርፍበታል።

ጭነቱ ምሶሶውን ተጠግቶ ቢሆን ኖሮ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ብየዳ 200 ኒውተን ብቻ ይደርሰው ነበር። ርቀቱ ግን ብራኬቱን ከላይ ይፈለቅቀዋል፤ በብየዳው ጫፍ 900 ኒውተን ያመጣል። የመጀመሪያው ወደ ታች፣ ሁለተኛው ወደ ውጭ ስለሚስቡ በፓይታጎረስ ሕግ 922 ይሆናሉ።

ደረጃው 235 ለሆነ ብረት ብየዳው በካሬ ሚሊሜትር 208 ኒውተን ገደማ ይችላል። ስለዚህ ጉሮሮው 4.4፣ እግሩ 6.3 ሚሊሜትር ያስፈልገዋል፤ 7 ይበየዳል።

ብየዳው 300 ሚሊሜትር ቢረዝም ግን 922ቱ ወደ 422 ይወርዳል፤ መፈልቀቅን የመቋቋም አቅም በርዝመቱ ካሬ ያድጋልና። ቦታ ካለ፣ ከማወፈር ማስረዘም ይመረጣል። ሲፈተሽም ስንጥቅ አስቀድሞ የሚፈለገው በላይኛው ጫፍ ነው።