የተሸጠው አክሲዮን ከየትኛው ግዢ ነው?

በተለያየ ቀንና ዋጋ የተገዛ አክሲዮን እያንዳንዱ ግዢ ለብቻው ይመዘገባል፤ ትርፍና ኪሳራም የሚለካው ከተሸጠው ግዢ ወጪ አንጻር ነው። በአሜሪካ አንድ ሰው 10 አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ100 ዶላር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ 10 በ150 ዶላር ገዛ እንበል። በየግዢው 5 ዶላር ኮሚሽን ከፍሏል። ኮሚሽኑ ወጪው ላይ ስለሚደመር የመጀመሪያው ግዢ 1,005፣ ሁለተኛው 1,505 ዶላር ይሆናል። ከጥቂት ወራት በኋላ 10 አክሲዮን በ180 ዶላር ሲሸጥ፣ ከ1,800 ዶላሩ የሽያጩ ኮሚሽን 5 ዶላር ተቀንሶ 1,795 ይቀራል።

ሻጩ የትኛውን እንደሚሸጥ አስቀድሞ ካላሳወቀ፣ ሕጉ ቀድሞ የተገዛው እንደተሸጠ ይቆጥረዋል፤ ትርፉ 790 ዶላር ነው። ሁለተኛውን ለይቶ ካዘዘ ግን 290 ብቻ። ይሁንና ትንሹ ትርፍ ሁልጊዜ አይሻልም፤ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየው አክሲዮን ዝቅ ባለ መጠን ይቀረጣል፣ አዲሱ ግን እንደ ደመወዝ። ቀሪው ትርፍም አይሰረዝም፤ የቆየው አክሲዮን እስኪሸጥ ይጠብቃል።

በዲጂታል ሳንቲም ስሌቱ ያው ነው። ብዙዎች የሚስቱት ክፍያው በራሱ በሳንቲም ሲቆረጥ ነው፤ የተቆረጠችው ቁራጭም እንደተሸጠች ስለምትቆጠር የራሷ ትርፍ ወይም ኪሳራ አላት። በመዝገቡ ያለው ብዛት በዋሌቱ ካለው ከበለጠ፣ መጀመሪያ የሚፈለገው ያልተመዘገበ ክፍያ ነው።