የጋለ ብረት ፀሐይ ላይ ለምን ይጠቁራል?

የጅማ፣ የአጋሮና የሊሙ ገበሬ ቡናው ለለቀማ ከመድረሱ በፊት ሥር ሥሩን ይመነጥራል። የያዘው ገጀራ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው እንበል። ቅርጹን የሰጠው መዶሻ ነው፤ ስለት የሚይዘው ግን 830 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ነው። ቀጥቃጩ ቴርሞሜትር የለውም፤ የሚለካው በዓይኑ ነው።

ብረት 525 ዲግሪ ግድም ሲደርስ በጨለማ ፈዛዛ ቀይ ብርሃን መስጠት ይጀምራል። 650 ላይ ደብዛዛ ቀይ ነው፤ 800 አካባቢ እሸት ቡና ይመስላል፤ ከ900 በላይ ወደ ብርቱካናማ፣ 1100 ገደማ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ከሚረጨው ጨረር አብዛኛው ለዓይን አይታይም፤ የምናየው ትርፍራፊውን ነው። ይህ ትርፍራፊ ግን በፍጥነት ያድጋል፦ 800 አካባቢ 40 ዲግሪ ያህል ቢጨመር ቀዩ ብርሃን እጥፍ ይሆናል። ዓይን ሙቀትን መለየት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

እሸት ቡና ቀይ ሆኖ የሚታየው የሌላን ብርሃን መልሶ ስለሆነ ጨለማ ውስጥ ቀይነቱ ይጠፋል። የጋለ ብረት ግን የራሱን ብርሃን ያወጣል፤ ጨለማ ያደምቀዋል። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ቅርፊቱ የሚመልሰው የፀሐይ ብርሃን የራሱን በመቶዎች እጥፍ ይበልጠዋል፤ ዓይናችንም ለደማቁ ብርሃን ብሌኑን ያጠባል። ስለዚህ ጥላ ሥር ቀይ የነበረው ብረት ደጅ ላይ ግራጫ፣ የበረደ ይመስላል። (ልጆችን ከዚያ አርቁ።)

በደማቅ ብርሃን የሚሠራ ሰው «ገና ነው» እያለ ወናፉን ይነፋል። ብረቱ 950ን አልፎ ሲቆይ የውስጥ ቅንጣቶቹ ይተልቃሉ፤ ገጀራው ጉቶ ሲመታ ይሸረፋል፣ ስብራቱም ሻካራና አብለጭላጭ ነው። ሲመሻሽ ደግሞ ብረቱ ከልኩ በላይ የጋለ ይመስልና ቀድሞ ይወጣል፤ ከተነከረ በኋላም ሞረድ እንደ ልቡ ይበላዋል። ክረምት ላይ ደመናው ሲከፈትና ሲዘጋ ሁለቱም ስህተት በአንድ ቀን ይደርሳል።

ብርሃን የማያታልለው ምስክር ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ነው። ብረት 770 ዲግሪ ላይ በማግኔት መሳቡን ያቆማል፣ ፀሐይ ይኑር አይኑር። ምድጃውን ጥላ ውስጥ አድርጎ ማግኔቱን ነካ እያደረጉ መሞከር፣ መሳብ ያቆመበትን ቀለም በዚያው ብርሃን ማስተዋል፣ ከዚያ ትንሽ እስኪደምቅ አግሎ ዘይት ውስጥ መንከር ነው።

የተነከረው ገጀራ ጠንካራ ቢሆንም በቀላሉ ይሰበራል፤ ስለዚህ ላዩ በአሸዋ ወረቀት ጸድቶ እንደገና በቀስታ ይሞቃል። 230 ላይ የገለባ ቀለም፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ ይወጣበታል፤ ለገጀራ ሰማያዊው ይበጃል። ይህ ቀለም ግን ከግለት የሚወጣ ብርሃን አይደለም፤ ላዩ ላይ የተሠራ ስስ የዝገት ዓይነት ሽፋን ነው፣ የሚታየውም እንደ ቡናው በሌላ ብርሃን ነው። ለዚህኛው ሥራ ከጥላው ወጥታችሁ ደጅ ላይ እዩት።