በሽያጭ ደረሰኝ ላይ የተሳሳተ የቫት መሠረት

የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) መሠረት የሚባለው የታክሱ መጣኔ የሚባዛበት የገንዘብ መጠን ነው። በኢትዮጵያ መደበኛው መጣኔ 15 በመቶ ሲሆን፣ መሠረቱ ሻጩ የሚቀበለው ዋጋ ነው፤ ታክሱ ራሱ በዚህ ውስጥ አይገባም። ደረሰኙ ላይ 15% ተብሎ በትክክል ቢጻፍም መጣኔው በሌላ ቁጥር ተባዝቶ ሊሆን ይችላል። መደመሩ ስለሚስማማ ስህተቱ በቀላሉ አይታይም።

ስህተቱን ለማግኘት ወደ ኋላ ማስላት ይበቃል። የተጻፈው ቫት ለ0.15 ሲካፈል ታክሱ በየትኛው መጠን ላይ እንደተሰላ ይታወቃል። ከዚያ ያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ የቱ ጋ እንዳለ መፈለግ ነው።

ለምሳሌ አንድ ሱቅ 10 ወንበሮችን በ2,300 ብር ሂሳብ ሸጦ ከጠቅላላው 23,000 ብር ላይ 10 በመቶ ቅናሽ አደረገ እንበል። ከቅናሹ በኋላ ያለው ዋጋ 20,700 ብር ስለሆነ ቫቱ 3,105 ብር፣ ጠቅላላ ክፍያውም 23,805 ብር መሆን አለበት። ደረሰኙ ግን ቫት 3,450፣ ጠቅላላ 24,150 ይላል። 3,450 ለ0.15 ሲካፈል 23,000 ይሰጣል፤ ይህ ደግሞ ከቅናሹ በፊት የነበረው ዋጋ ነው። ገዢው 345 ብር አላግባብ ከፍሏል።

ሁለተኛው ስህተት ዋጋው «ቫትን ጨምሮ» በሚባልበት ጊዜ ይከሰታል። ስምምነቱ ቫትን ጨምሮ 23,000 ብር ከሆነ ትክክለኛው ስሌት እንዲህ ነው፦

```
23000 / 1.15 = 20000
23000 - 20000 = 3000
```

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ግን 23,000ን በ0.15 አባዝቶ 3,450 ማውጣትና ቀሪውን 19,550 የዕቃው ዋጋ ብሎ መጻፍ ነው። ገዢው የሚከፍለው አይለወጥም፤ ስለዚህ ማንም አያማርርም። ሆኖም ሻጩ ሽያጩን በ450 ብር አሳንሶ ቫቱን በዚያው ልክ አብዝቷል፤ ለቫት የተመዘገበ ገዢም ያንን ትርፍ በግብዓት ታክስነት ሊያቀናንስ ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ 3,450 ለ19,550 ሲካፈል 15 ሳይሆን 17.6 በመቶ ገደማ ይሆናል።

በሬስቶራንት ስህተቱ ወደ ታች ሊሆን ይችላል። የ400 ብር ምግብ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር መሠረቱ 440፣ ቫቱም 66 ብር ነው። ቫቱ 60 ከሆነ የአገልግሎት ክፍያው ከመሠረቱ ቀርቷል። በሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝ ላይ መሠረቱ ብዙውን ጊዜ `TXBL1` ከሚለው ጎን ስለሚታተም ማካፈልም አያስፈልግም።

ይህ ዘዴ ከታክስ ነፃ የሆኑ ዕቃዎች አብረው በተሸጡበት ደረሰኝ ላይ ያሳስታል። በዚያ ጊዜ የሚገኘው መሠረት ከድምሩ ቢያንስ ስህተት አይደለም፤ ታክስ ያለባቸውን መስመሮች ብቻ ደምሮ ማነጻጸር ይገባል። የጥቂት ሳንቲም ልዩነትም በየመስመሩ ከማጠጋጋት ሊመጣ ይችላል።