ኦሜፕራዞል እየወሰዱ «ኔጋቲቭ» መባል

ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ «ኔጋቲቭ» ሆኖ ሲወጣ ታማሚው እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ግን ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር ነበር፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ኦሜፕራዞል ወይም የእሱን ዓይነት የአሲድ መቀነሻ ወስዷል? ወስዶ ከሆነ ያ ውጤት ባክቴሪያው መኖር አለመኖሩን በእርግጠኝነት አይነግረውም። ብዙ ሰው ግን ጨጓራው ሲያቃጥለው በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ መድኃኒት ቤት ነው። ኦሜፕራዞሉን ገዝቶ ጥቂት ሳምንት ይውጣል፤ ሕመሙ አልለቅ ሲለው ደግሞ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሰገራውን ይዞ ላቦራቶሪ ይደርሳል።

የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ብቻ ይመጣል ተብሎ ለረጅም ዘመን ይታመን ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረን እና ባሪ ማርሻል የተባሉ ሐኪሞች ከብዙዎቹ ቁስለቶች ጀርባ ባክቴሪያ እንዳለ አሳዩ፤ በ2005ም ለዚህ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ባክቴሪያው ሌሎች ተሐዋስያን በማይቋቋሙት አሲድ ውስጥ የሚኖረው ዩሪዬዝ በሚባል ኢንዛይም ነው። ዩሪያ ሰውነታችን ፕሮቲን ሲጠቀም የሚተርፍ፣ በሽንት የሚወገድ ንጥረ ነገር ነው፤ ጥቂቱ ጨጓራ ውስጥም ይገኛል። ባክቴሪያው ይህን ዩሪያ ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከፍለዋል። አሞኒያው በዙሪያው ያለውን አሲድ ያለዝብለታል።

የትንፋሽ ምርመራ የተመሠረተው በሁለተኛው ውጤት፣ በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ላይ ነው። ታማሚው ሳይበላ ያድርና በመጀመሪያ ወደ አንድ ከረጢት ይተነፍሳል። ቀጥሎ ካርቦን 13 በተባለ፣ ከተለመደው ካርቦን ጥቂት በሚከብድ ካርቦን የተሠራ ዩሪያ ይጠጣል፤ መጠኑ ብዙውን ጊዜ 75 ሚሊግራም ያህል ነው። ጨረር የለውም። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ እንደገና ይተነፍሳል። ጨጓራው ውስጥ ባክቴሪያው ካለ ዩሪያውን ይከፍለዋል፤ ከባዱ ካርቦን ወደ ደም ገብቶ በሳንባ በኩል ይወጣል፤ መሣሪያው የሁለቱን ትንፋሾች ልዩነት ይለካል። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ምርመራ ያውቁታል። ኢትዮጵያ ውስጥ በየክሊኒኩ የሚሠራው የሰገራ ምርመራ ነው። እሱ የሚፈልገው ከጨጓራ ተነቅሎ ከሰገራ ጋር የሚወጣውን የባክቴሪያውን ፕሮቲን፣ ማለትም አንቲጅኑን ነው። ናሙናው በጣም ቀጭን ተቅማጥ ከሆነ አንቲጅኑ ስለሚሳሳ ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። ወዲያው የማይመረመር ከሆነም ሙቀት ውስጥ መዋል የለበትም፤ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል።

ኦሜፕራዞል፣ ፓንቶፕራዞል፣ ኢሶሜፕራዞልና መሰሎቻቸው ሁለቱንም ምርመራዎች የሚያሳስቱበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። በባክቴሪያው ሽፋን ላይ ዩሪያ የሚያስገባ በር አለ፤ ይህ በር የሚከፈተው አካባቢው አሲዳማ ሲሆን ነው። አሲዱ ሲጠፋ በሩ ይዘጋል፤ ዩሪዬዙ ውስጥ ቢኖርም ዩሪያ አይደርሰውም፤ የሚተነፈስ ከባድ ካርቦንም አይኖርም። በትንፋሽ ምርመራው ላይ ብዙ ጊዜ የሎሚ አሲድ ያለበት መጠጥ የሚሰጠው በከፊል ይህን በር ለማስከፈት ነው። ከዚህ በላይ መድኃኒቶቹ ራሳቸው ባክቴሪያውን በመጠኑ ይጎዱታል። አይጨርሱትም፤ ቁጥሩ ግን ይቀንሳል፣ የቀረውም ከታችኛው የጨጓራ ክፍል ወደ ላይኛው ይሸሻል። ቁጥሩ ሲቀንስ በሰገራ የሚወጣው አንቲጅንም ምርመራው ሊይዘው ከሚችለው በታች ይወርዳል።

የስህተቱ መጠን ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1998 የታተመ አንድ ጥናት ባክቴሪያው እንዳለባቸው በተረጋገጠ ሰዎች ላይ ተሠርቶ ነበር። ከዚሁ ወገን የሆነውን ላንሶፕራዞልን ለአራት ሳምንት ሲወስዱ ቆይተው በትንፋሽ ሲመረመሩ ከሦስት ሰዎች አንዱ «ኔጋቲቭ» ሆነ። መድኃኒቱን ባቆሙ በሦስተኛው ቀን ከ100 ሰዎች 91ዱ፣ በሰባተኛው ቀን 97ቱ፣ በ14ኛው ቀን ሁሉም ወደ «ፖዘቲቭ» ተመለሱ። ዛሬ ሐኪሞች ከምርመራ በፊት ሁለት ሳምንት አቁሙ የሚሉት ከእንዲህ ዓይነት ማስረጃ ተነስተው ነው። አንቲባዮቲክና ቢስመዝ ከሆነ ደግሞ አራት ሳምንት መቆየት ያስፈልጋል።

ስህተቱ በአብዛኛው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያዘነብል መሆኑ መታወቅ አለበት። አሲድ መቀነሻ እየወሰደ «ፖዘቲቭ» የወጣለት ሰው ውጤቱን ሊቀበለው ይችላል፤ በጠላት ፊት ተዳክሞ እንኳ የታየ ባክቴሪያ መኖሩ አያጠራጥርም። መጠርጠር ያለበት «ኔጋቲቩ» ነው። የደም ምርመራ ይሻላል የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ደም ውስጥ የሚለካው ፀረ እንግዳ አካል በኦሜፕራዞል አይቀየርም፤ ነገር ግን ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራትና ለዓመታት ስለሚቆይ የዛሬውን ከድሮው አይለይም። ሕክምናው መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ አይጠቅምም።

ነገሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው ከሕክምና በኋላ ነው። አንዲት ቁስለት የተገኘባትን ሴት በምሳሌነት እንውሰድ። ኦሜፕራዞል፣ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ለ14 ቀን ታዘዘላት፤ ጥቅምት 1 ጀምራ ጥቅምት 14 ጨረሰች። ቁስለቱ እንዲድን ኦሜፕራዞሉን ብቻ እስከ ኅዳር 14 እንድትቀጥል ተነገራት። «አንቲባዮቲኩ ካለቀ ከአራት ሳምንት በኋላ ተመርመሪ» የሚለውን ቆጥራ ኅዳር 13 ሰገራዋን ሰጠች፤ «ኔጋቲቭ» ተባለች። አራቱ ሳምንት በትክክል ሞልተዋል። ነገር ግን የዚያኑ ዕለት ጠዋትም ኦሜፕራዞሏን ውጣለች። ሁለት የተለያዩ ቆጠራዎች ነበሩ፤ እሷ የቆጠረችው አንዱን ነው። ኅዳር 14 የመጨረሻውን እንክብል ከወሰደች ሁለተኛው ቆጠራ የሚሞላው ኅዳር 28 ነው፤ ሊታመን የሚችል ምርመራ ከዚያ በፊት ሊሠራላት አይችልም ነበር።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሚያቃጥላት ከሆነ መፍትሔ አለ። በአፍ የሚጠጣው ወይም የሚታኘከው ተራ አንታሲድ ውጤቱን እምብዛም አይነካም። ሲሜቲዲንና ፋሞቲዲንም ከኦሜፕራዞል በጣም ያነሰ ተጽዕኖ ስላላቸው ከምርመራው አንድ ሁለት ቀን በፊት ማቆም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ኦሜፕራዞል ለሳምንታት ወስደው ሲያቆሙ ጨጓራው ለጊዜው ከበፊቱ የበለጠ አሲድ ሊያመነጭ ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰማው ቃር በሽታው ተመልሷል ማለት አይደለም።

በራሱ ውሳኔ ማቆም የማይገባው ሰውም አለ። ቁስለቱ በቅርቡ የደማ፣ ወይም ቁስለት ኖሮበት ለልቡ አስፕሪን የሚወስድ ታማሚ መድኃኒቱን ከማቋረጡ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። ሐኪሙ ካላቆመለት በዚያ ጊዜ የሚወጣው «ኔጋቲቭ» የመጨረሻ ቃል ተደርጎ አይወሰድም። በኢንዶስኮፒ ናሙና የሚወሰድ ከሆነም ባክቴሪያው ወደ ላይ ስለሚሸሽ ከታችኛውም ከላይኛውም የጨጓራ ክፍል መወሰድ ይኖርበታል።

ምሳሌ ያደረግናት ሴት ኅዳር 28 ተመርምራ «ፖዘቲቭ» ብትሆን የቀደመውን የመድኃኒት ማዘዣ ይዛ እንደገና መግዛት የለባትም። ክላሪትሮማይሲን አንድ ጊዜ ካልሠራ የተረፈው ባክቴሪያ ያንን መድኃኒት የለመደ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ለሐኪሟ የትኞቹን አንቲባዮቲኮች፣ ስንት ቀን እንደወሰደችና መሐል ላይ አቋርጣ እንደነበር ትነግረዋለች፤ እሱም ክላሪትሮማይሲን የሌለበት ሌላ ቅንብር ይመርጣል። ያ ሲያልቅም ሁለቱ ቆጠራዎች እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ።