ከስክሪኑ ውጭ የወደቀው ብርቱካን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለልጆች የምትሆን ቀላል የስልክ ጨዋታ ሠርቼ ነበር። ከላይ ብርቱካን ይወርዳል፤ ተጫዋቹ ከታች ያለውን ቅርጫት በጣቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጎተተ ይቀልባል። መሬት የነካ ብርቱካን አንድ ልብ ያስቀንሳል፤ ሦስቱ ልቦች ሲያልቁ ጨዋታው ያበቃል። በራሴ ስልክ ወር ሙሉ ስሞክራት እንከን አላገኘሁባትም። የእህቴ ልጅ በአዲሱ ስልኳ ስትጫወት ግን አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ ተሸነፈች።

«ጋሼ፣ አንድም አላመለጠኝም እኮ! ለምን ሞትኩ?» አለችኝ።

የልጅ ሰበብ መስሎኝ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነበር። ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይወድቅ ልቧ ይቀነሳል።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የመጣውም ከስክሪኖቹ ቅርጽ ነው። የእኔ ስልክ ስክሪን ወርዱ 9 እጅ ቢሆን ቁመቱ 16 እጅ ነው። የእሷ ግን 9 በ20 ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ስልኮች ወደዚህ የቀረቡ ናቸው። ታብሌት ደግሞ ሰፋ ይላል፤ የብዙ አይፓዶች ስክሪን 3 በ4 ነው። ይህ የወርድና የቁመት ምጥጥን ከስክሪኑ ትልቅነትም ሆነ ከፒክሰሉ ብዛት የተለየ ነገር ነው። ትልቅነቱ ቢለያይ ሥዕሉን ማሳነስ ወይም ማተለቅ ይበቃል። ምጥጥኑ ሲለያይ ግን ሥዕሉ ሳይለጠጥ በልኩ ሊሞላው አይችልም፤ ወይ የሆነ ጎን ይቆረጣል፣ ወይ ባዶ ቦታ ይተርፋል።

ጨዋታውን የሠራሁት ዩኒቲ በተባለው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም ነው። በዩኒቲ ጠፍጣፋ ጨዋታ የሚያሳየው ካሜራ የሚጠይቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ የሚያሳየውን ቁመት ግማሽ። እኔ 8 አልኩት፤ ስለዚህ ካሜራው ሁልጊዜ 16 አሃድ ቁመት ያሳያል። ወርዱን ከስክሪኑ ምጥጥን ራሱ ያሰላል። በእኔ ስልክ 9 አሃድ ይወጣል። በእሷ ስልክ 16 በ9 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል 7.2 ብቻ ነው። ስልኳ ስለረዘመ የበለጠ የምታይ ይመስላል፤ የምታየው ግን ያነሰ ነበር። ብርቱካኖቹ የሚወርዱት በ9 አሃዱ ወርድ ውስጥ በዘፈቀደ ስለሆነ፣ ከአምስት አንዱ ከስክሪኗ ውጭ ይወድቅ ነበር። ልጅቷ የማታየውን እንድትቀልብ ነበር የፈረድኩባት።

መፍትሔው ካሜራውን ቁመት ብቻ ሳይሆን ወርድም እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። የጨዋታው ሜዳ 9 በ16 ነው ብለን እንወስን። ያ ሜዳ በማንኛውም ስክሪን ላይ ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት፦

```csharp
float aspect = (float)Screen.width / Screen.height;
cam.orthographicSize = Mathf.Max(8f, 4.5f / aspect);
```

4.5 የወርዱ ግማሽ ነው። በእህቴ ልጅ ስልክ ምጥጥኑ 0.45 ስለሆነ ሁለተኛው ቁጥር 10 ይሆናል፤ ካሜራው ከ8 ይልቅ እሱን ይመርጥና 20 ቁመት በ9 ወርድ ያሳያል። በአይፓድ ሁለተኛው ቁጥር 6 ይወጣል፤ ትልቁ 8 ስለሆነ ቁመቱ 16 እንዳለ ሆኖ ወርዱ 12 ይሆናል። ሜዳው የትም አይቆረጥም። በረጅሙ ስልክ ከላይና ከታች 2 አሃድ፣ በአይፓዱ ከግራና ከቀኝ 1.5 አሃድ ይተርፋል።

የሚተርፈውን ቦታ በጥቁር ሸፍኖ መተው ይቻላል፤ አያሳፍርም፣ አያሳስትምም። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ስፌቱ ዳር ትርፍ ጨርቅ እንደሚተወው ሥዕሉን ከሜዳው አስፍቼ መሥራት እመርጣለሁ፤ የጀርባው ሥዕል 12 ወርድና 22 ቁመት ቢኖረው እዚህ የጠቀስኳቸውን ስክሪኖች ሁሉ ይሸፍናል።

ይህ ቢስተካከልም የፍትሕ ጉዳይ ይቀራል። ብርቱካኑ ከስክሪኑ ጫፍ እንዲጀምር ካደረግን ረጅም ስልክ ያለው ልጅ 2 አሃድ ቀደም ብሎ ያየዋል። ብርቱካኑ በሴኮንድ 4 አሃድ የሚወርድ ከሆነ የግማሽ ሴኮንድ ብልጫ አለው፤ ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ብዙ ነው። ከሜዳው ጫፍ ብናስጀምረው ደግሞ በረጅሙ ስልክ ሰማይ መሃል ድንገት ብቅ ይላል። እኔን የገላገለኝ የብርቱካን ዛፍ ነው። ከሜዳው በላይ ያለውን ትርፍ ቦታ በቅጠል ሸፈንኩት፤ ቅጠሉን ከብርቱካኑ ፊት አደረግሁት። ብርቱካኑ ቅጠሉ ውስጥ ተሸሽጎ ይነሣል፤ በሁሉም ስልክ የሚታየው ከአንድ ቦታ ጀምሮ ነው። በአጭሩ ስልክ ቅጠሉ አይታይም፤ ብርቱካኑ በቀጥታ ከስክሪኑ ጫፍ ይገባል።

ቀጥሎ የመጣው ኖቹ ነው፤ የፊት ካሜራ የሚቀመጥበት፣ ስክሪኑን ከላይ የሚቆርጠው ጥቁር ቦታ። አይፎን 10 በ2017 ይዞት ከመጣ በኋላ ተለመደ፤ አንድሮይድም በ2018 በወጣው 9ኛ እትሙ ስለ ቁርጡ ለፕሮግራሞች የሚናገርበትን መንገድ አበጀ። ነጥቡን የጻፍኩት ከላይ መሃል ላይ ስለነበር ኖቹ ሥር ተደበቀ። ከታች ደግሞ ወደ ዋናው ገጽ ለመመለስ ጣት የሚንሸራተትበት መስመር አለ፤ እዚያ ላይ የተቀመጠ ቁልፍ ሲነካ ጨዋታው ሊዘጋ ይችላል።

ስልኩ ራሱ ከእነዚህ ነፃ የሆነውን አራት ማዕዘን ይናገራል፤ ሴፍ ኤሪያ ይባላል። የአይፎን 10 ስክሪን 1125 በ2436 ፒክሰል ነው፤ ስልኩ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ከላይ 132፣ ከታች 102 ፒክሰል ይቀነስና 2202 ይቀራል። ነጥቡንና ቁልፎቹን አንድ ፓነል ውስጥ ሰብስቦ ፓነሉን በዚያ ልክ መዘርጋት ነው፦

```csharp
Rect s = Screen.safeArea;
panel.anchorMin = new Vector2(s.xMin / Screen.width, s.yMin / Screen.height);
panel.anchorMax = new Vector2(s.xMax / Screen.width, s.yMax / Screen.height);
```

ፒክሰሉን ለስክሪኑ መጠን ማካፈላችን ያለ ምክንያት አይደለም። ቁልፎቹ በሁሉም ስልክ እንዲመጣጠኑ ዩኒቲ ገጹን ሲያሳድገውና ሲያሳንሰው የፓነሉ አሃድ ከስልኩ ፒክሰል ጋር አይገጥምም፤ 132 ብለን በቀጥታ ብንጽፍ በአንዱ ስልክ ይበዛል፣ በሌላው ያንሳል። ክፍልፋይ ግን የትም ክፍልፋይ ነው። የጀርባው ሥዕል ይህ ፓነል ውስጥ መግባት የለበትም። ከገባ ከላይና ከታች ባዶ ጭረት ይታያል፤ ይህን ስሕተት ታትመው በወጡ ጨዋታዎች ላይም አይቻለሁ። ቅጠሉ ከኖቹ ጀርባ ማለፉ ምንም አይጎዳም።

ሒሳቡ ጨዋታው ሲከፈት አንዴ ብቻ ከተሠራ አይበቃም። በአግድም በሚያዝ ጨዋታ ስልኩ ሲገለበጥ ግራ የነበረው የካሜራ ቀዳዳ ቀኝ ይሆናል። የሚታጠፍ ስልክ ሲዘረጋ ደግሞ ምጥጥኑ ራሱ በጨዋታው መሃል ይቀየራል። የስክሪኑ መጠን ወይም ሴፍ ኤሪያው መቀየሩን በየፍሬሙ ማየትና ሲቀየር ብቻ እንደገና ማስላት ስልኩን አያደክመውም።

ለሙከራ ሁሉንም ስልክ መግዛት አያስፈልግም። ዩኒቲ ውስጥ Device Simulator የሚባል መስኮት አለ፤ የስልኩን ዓይነት ሲመርጡለት ከነኖቹ ያሳያል። እኔ አሁን ሜዳውን በ9 በ16 ቀይ መስመር እከብበውና 9 በ16፣ 9 በ20 እና 3 በ4 በሆኑ ስክሪኖች ላይ አየዋለሁ። ቀዩ መስመር ከአራቱ ጎን በአንዱ ከጠፋ፣ በዚያ ጎን ማንም የማያየው ብርቱካን እየወደቀ ነው።