የበር ቁልፍ አልዞር ሲል፦ ማጽዳት ወይስ ሲሊንደር መለወጥ?

በአማርኛ «ቁልፍ» የሚለው ቃል በኪስ የምንይዘውንም በበሩ ላይ የተገጠመውንም ዕቃ ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ ግን የመጀመሪያውን «ቁልፍ»፣ ሁለተኛውን «መቆለፊያ» እያልን እንለያቸዋለን። ቁልፍ ጠጥሮ አልዞር ሲል ብዙዎቻችን ችግሩ ከየትኛው ዕቃ እንደመጣ ሳንለይ ዘይት ማንቆርቆር እንጀምራለንና ልዩነቱ ከቃል ያለፈ ነው።

መቆለፊያው በአጭሩ ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ቁልፍ የሚገባበት ሲሊንደር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከነሐስ፣ ማለትም ከመዳብና ከዚንክ ቅይጥ ነው። ሁለተኛው በበሩ ውፍረት ውስጥ የተቀበረው ሳጥንና በውስጡ የሚንሸራተተው መቀርቀሪያ ነው። ሦስተኛው መቀርቀሪያው የሚገባበት፣ በመቃኑ ላይ የተመታው ቀዳዳ ብረት ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ በሞላ የሚገፉ ትንንሽ ፒኖች በጥንድ በጥንድ ተደርድረዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ጥንድ ወደ ልዩ ከፍታው ያነሡታል፤ የሁለቱ ፒኖች መገናኛም ከሚዞረው እምብርት ጠርዝ ጋር ይስተካከላል፤ እምብርቱም ይዞራል። ይህን አሠራር አሜሪካዊው ሊነስ ዬል (ልጅየው) እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1865 ባገኛቸው የፈጠራ መብቶች ለዛሬው ቅርጹ አበቃው።

የመጀመሪያው ምርመራ መሣሪያ አይፈልግም። በሩን ከፍተው፣ መቀርቀሪያው አየር ላይ እያለ ቁልፉን ያዙሩት። በሩ ክፍት ሳለ ቁልፉ ያለ ችግር የሚዞር፣ ሲዘጋ ግን የሚጠጥር ከሆነ ጥፋቱ የሲሊንደሩ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሲሊንደር ማጽዳትም ሆነ መለወጥ ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው።

በአዊ ዞን ይህ ጉዳይ በክረምት እንዲበዛ የሚያደርግ ምክንያት አለ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ክረምቷ ዝናባማና ቀዝቃዛ የሆነ ከተማ ናት። እንጨት ርጥበት ሲስብ በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ ወደ ጎን ግን ያብጣል። አንድ የእንጅባራ ቤት የእንጨት በር እንውሰድ። ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ቋሚዎች እያንዳንዳቸው 12 ሴንቲ ሜትር፣ በድምሩ 24 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው እንበል። ከበጋ እስከ ነሐሴ የእንጨቱ ርጥበት በ6 በመቶ ቢጨምርና ለእያንዳንዱ በመቶ ስፋቱ በ0.25 በመቶ ቢያድግ፣ ጠቅላላ ዕድገቱ 1.5 በመቶ፣ ማለትም 3.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በበሩና በመቃኑ መካከል ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። ስለዚህ በሩ መቃኑ ውስጥ በሚገባ አይቀመጥም፤ የመቀርቀሪያውም ጎን ከመቃኑ ብረት ጠርዝ ጋር ይፋተጋል።

ፍትጊያው ጣታችን ላይ ምን ያህል ይደርሳል? በሩ መቀርቀሪያውን ወደ ብረቱ ጠርዝ የሚጫነው በ100 ኒውተን፣ ማለትም 10 ኪሎ ግራም በሚመዝን ዕቃ ክብደት ያህል ነው እንበል። ለደረቅ ብረት በብረት ላይ የሰበቃ ኮፊሸንቱን 0.5 ብንወስድ የሰበቃው ኃይል 50 ኒውተን ይሆናል። መቀርቀሪያውን የሚገፋው የሲሊንደሩ ምላስ ክንድ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 0.75 ኒውተን ሜትር ቶርክ ያስፈልጋል። የቁልፉን ራስ የሚይዙት ሁለት ጣቶች 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው በተቃራኒ አቅጣጫ ሲገፉ፣ እያንዳንዳቸው 30 ኒውተን ማውጣት አለባቸው። ቀጭን ቁልፍ የሚጣመመው ወይም ሲሊንደር ውስጥ ተሰብሮ የሚቀረው እንዲህ ባለው ሁኔታ ሲደጋገም ነው። በመቀርቀሪያው ላይ ግን ስስ ግሪስ ቢቀባና ኮፊሸንቱ ወደ 0.1 ቢወርድ፣ ከጣት የሚጠበቀው 6 ኒውተን ብቻ ነው። በሩን በአንድ እጅ ገፋ ወይም ሳብ ሲያደርጉት ቁልፉ ድንገት ቀለል ካለ፣ የሚጫነውን ኃይል ራሱን አስወግደዋልና ምርመራው ተረጋግጧል ማለት ነው። ዘላቂው መፍትሔ የመቃኑን ቀዳዳ ብረት በሞረድ በትንሹ ማስፋት ወይም የላላውን ማጠፊያ ማጥበቅ ነው። በሩን በነሐሴ በብዛት መላግ ግን አይመከርም፤ በጥር እንጨቱ ሲደርቅ ክፍተቱ ከሚገባው በላይ ይሰፋል።

በሩ ክፍት ሆኖም ቁልፉ ከጠጠረ ሁለተኛው ምርመራ ይቀጥላል። በቅድሚያ ብዙ ያልተሠራበት ዋናው ቁልፍ ካለ በእርሱ ይሞከር። ከቅጂ ላይ የተቀረጸ ቅጂ የፊተኛውን ስሕተት በራሱ ላይ ይደርባል፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛዎችም ፒኖቹን ከመስመር ሊያወጡ ይችላሉ። ዋናው ቁልፍ በቀላሉ ከዞረ መለወጥ ያለበት ቅጂው ነው። ሁለቱም ከጠጠሩ በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከመቀርቀሪያው በታች ያለውን ረጅም ብሎን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ቁልፉን በትንሹ አዙሮ ምላሱን ከሲሊንደሩ አካል ጋር በማስተካከል ሲሊንደሩን መሳብ ይቻላል። እጅ ላይ ሆኖ በነፃነት የሚዞር ከሆነ ችግሩ የሳጥኑ ነው፤ አንዳንዴም ከመጠን በላይ የጠበቀው ያው ብሎን ይሆናል። እጅ ላይም ከጠጠረ በመጨረሻ ሲሊንደሩን እንጠረጥራለን።

የቆሸሸ ሲሊንደር ቁልፉ ገና ሲገባና ሲወጣ እንደ አሸዋ ይንኳኳል፤ የወጣው ቁልፍም ጥቁር ዝቃጭ ይዞ ይመጣል። ዝቃጩ ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ የእጅ ሥራ ነው። የሞተር ዘይት ሲጨመር የዳንግላን የበጋ አቧራ ይዞ ያስቀራል፤ በአቧራው ውስጥ ያሉ ጠጣር ማዕድናት ደግሞ ከነሐስ ስለሚጠነክሩ ቅባት የተባለው ነገር የመሞረጃ ልቁጥ ይሆናል። የምግብ ዘይት ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ይብሳል። ለማጽዳት ሲሊንደሩን ከእሳት ርቆ በነጭ ጋዝ ማራስ፣ ቁልፉን ደጋግሞ አስገብቶ እያወጡ በጨርቅ መጥረግ፣ ቁልፉ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ መቀጠል፣ ከዚያም አንድ ቀን ማድረቅ ያስፈልጋል። እምብርቱን ግን ገፍቶ ማውጣት አይገባም፤ ፒኖቹና ሞላዎቹ ይበተናሉ።

ከደረቀ በኋላ የሚስማማው ቅባት ግራፋይት ነው። ዱቄቱ ባይገኝ፣ ለስላሳ እርሳስ በቁልፉ ጥርሶች ላይ አሽቶ ጥቂት ጊዜ ማስገባት ይበቃል። በእርሳስ ውስጥ ሸክላ ስላለ ማብዛት አያስፈልግም፤ ከዘይት ጋርም መቀላቀል የለበትም። ከፋግታ ለኮማ የሚወጣው ከሰልም ካርቦን ነውና ለምን አያገለግልም የሚል ተማሪ አይጠፋም። በግራፋይት ውስጥ አተሞቹ በንጣፍ በንጣፍ ተደራጅተዋል፤ በከሰል ውስጥ ግን ንጣፎቹ ትንንሽና የተዘበራረቁ ስለሆኑ አይንሸራተቱም፤ አመዱም ይሞርዳል። ግራፋይትም ቢሆን ብቻውን አያንሸራትትም፤ በንጣፎቹ ላይ የሚያርፍ የውሃ ተን ያስፈልገዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከፍ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖች የጄኔሬተር ካርቦኖች በፍጥነት ያልቁ የነበረው አየሩ እጅግ ደረቅ ስለሆነ ነው። የእንጅባራ ክረምት ይህን ሥጋት አያመጣም።

ያለቀ ሲሊንደር ጠባዩ ሌላ ነው። ቁልፉ ያለ ችግር ይገባል፤ ለመዞር ግን ወደ ኋላ በጥቂቱ መሳብ ወይም ማነቃነቅ ይጠይቃል። የፒኖቹ ጫፍና የጥርሶቹ ጠርዝ ተበልተው ከፍታው ተዛብቷልና ይህን ማጽዳት አይመልሰውም። በዋናው ቁልፍም ከተጸዳ በኋላ ያው ከሆነ፣ ወይም ቁልፉ በግማሽ ዙር ላይ ሳለ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የጎረቤት ቁልፍ የሚከፍተው ከሆነ ሲሊንደሩ መለወጥ አለበት። በተለይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ምልክቶች ከታዩ በሩ ተቆለፈ ማለት ያስቸግራል።

ወደ ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ሲሊንደር ይዞ መሄድ ይመረጣል። ካልሆነ ከብሎኑ ቀዳዳ መሐል እስከ ሁለቱ ጫፎች ያለው ርቀት ለየብቻ ይለካ፤ 30 በ30 የሆነው 30 በ40 ለሆነው ምትክ አይሆንም። አዲሱ ከበሩ ወደ ውጭ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከወጣ በፒንሳ ተይዞ ሊሰበር ስለሚችል አጭሩ ይመረጣል፤ ብሎኑም ሲጠብቅ ቁልፉን እያዞሩ፣ መጠጠር ሲጀምር ሩብ ዙር መመለስ ነው።